የዕቁቡ ብር ለዕዳ ወይስ ለደብተር? ወለድን አስተያይቶ የመወሰን አሠራር

ጣና ዳር የዓሣ ጥብስ ቤት ያላቸው ጎረቤቴ ዕቁብ ደረሳቸውና 120,000 ብር በጥቁር ፌስታል ጠቅልለው ማታ ቤቴ መጡ። ብድር ክፍል ውስጥ ለዓመታት ስለሠራሁ ሰፈራችን ውስጥ ዕዳ ያለበት ሁሉ ማታ ማታ የኔን በር ያንኳኳል። እትዬ ግን ለምክር የመጡ አይመስሉም ነበር፤ ቆርጠው ጨርሰዋል።

«ልጄ፣ ነገ ጠዋት ሄጄ ትንሿን ዕዳ ልዝጋት። አንዷ እንኳ ከጀርባዬ ትውረድልኝ። የተረፈውን ደብተር ላይ አስቀምጠዋለሁ» አሉኝ።

«እትዬ፣ አንድ ቀን ብቻ ይስጡኝ፤ ወረቀቶቹን ሁሉ ይዘው ይምጡ» አልኳቸው። በማግሥቱ የሠራነውን በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ። ቁጥሮቹ የሳቸው ናቸው፣ እናንተ የራሳችሁን እየተካችሁ ሂዱ።

1. መጀመሪያ ብሩ በእርግጥ የእናንተ መሆኑን አረጋግጡ

ዕቁብ የደረሰው ሰው ገንዘብ ያገኘ ይመስለዋል። ቀድሞ የደረሰው ግን ገና ይከፍላል፣ ስለዚህ እጁ ላይ ያለው ገንዘብ ወለድ የሌለው ብድር ነው። የእትዬ ዕቁብ አሥራ ሁለት ሰው ያለበት፣ በወር አሥር አሥር ሺህ የሚጣልበት ነው። ለሳቸው የደረሳቸው በአሥራ አንደኛው ዙር ስለሆነ የቀረባቸው አንድ 10,000 ብር ብቻ ነበር። እሱን ለይተን አስቀመጥን። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዙር ደርሷቸው ቢሆን ኖሮ ወሬው ሌላ ነበር። የሚቀረው የዕቁብ መዋጮ ከወር ገቢያቸው ሊወጣ የማይችል ከሆነ፣ ያንን ብር ዕዳ ላይ ማፍሰስ ማለት ዳኛው ፊት ባዶ እጅ መቆም ነው።

ቀጥሎ መጠባበቂያ። እዚህ ላይ «የሦስት ወር ወጪ» የሚል የተለመደ ምክር አለ፤ እኔ ግን ወጪውን ሳይሆን ጉድለቱን መቁጠር ይሻላል እላለሁ። እትዬን «ገበያ ሲቀዘቅዝ በወር ስንት ይጎድልዎታል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ክረምት ሲገባ እንግዳ ይሳሳል፣ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ጨርሶ የለም። በእንዲህ ያለ ወር ቤቱ የራሱን ዘይትና ከሰል ይሸፍናል፣ ለብድር ክፍያውና ለቤት ወጪው ግን 15,000 ብር ገደማ ይጎድላል። የሦስት ወር ጉድለት 45,000 ነው። ደብተራቸው ላይ 15,000 ነበራቸው፣ ስለዚህ ከዕቁቡ 30,000 ጨመርንበት። ለውሳኔ የቀረው 80,000 ብር ሆነ።

ይህን ያህል መጠንቀቄ ያለ ምክንያት አይደለም። ዕዳ ላይ የገባ ብር ተመልሶ አይወጣም። ሲቸግራችሁ እንደገና ልበደር ብትሉ ዋስ፣ የንብረት ግምት፣ ኮሚቴ፣ ወራት ይጠብቃችኋል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር ዓመታዊ ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ሲወስን፣ መያዣ ያለውና ክፍያ አጓድሎ የማያውቅ ነጋዴ ሳይቀር «ለጊዜው ብድር የለም» ተብሎ ሲመለስ አይቻለሁ።

2. የቁጠባውን ወለድ ከነግብሩ አስሉ

ይህ አጭሩ ክፍል ነው። የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ብሏል፣ የእትዬም ደብተር 7 በመቶ ነበር የሚከፍለው። ነገር ግን ከወለዱ ላይ ግብር ይቆረጣል። ስቴትመንት አስወጡና ወለድ የገባበትን መስመርና ከሥሩ ግብር የተቀነሰበትን መስመር ተመልከቱ። እትዬ እጅ የሚደርሰው 6.65 በመቶ ነበር። ከብድሩ ጋር የሚወዳደረው ይሄኛው ቁጥር እንጂ ባንኩ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው 7 አይደለም።

3. የእያንዳንዱን ብድር ወለድ እንዴት እንደሚታሰብ እወቁ

ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ነው። እትዬ ሁለት ብድር ነበረባቸው።

አንደኛው ከባንክ የተወሰደ ነው። ቤቱን ለማደስ 300,000 ብር፣ በ18 በመቶ፣ በሦስት ዓመት የሚከፈል፣ በየወሩ 10,846 ብር። አሥራ ሁለት ወር ከፍለው 24 ቀርቷቸዋል። ቀሪ ዋናው ዕዳ 217,244 ብር ነበር።

ሁለተኛው ከአንድ አነስተኛ የብድር ተቋም ነው። ለዲፕ ፍሪዘር 60,000 ብር፣ በ12 በመቶ፣ በአንድ ዓመት የሚመለስ፣ በየወሩ 5,600 ብር። ስድስት ወር ከፍለዋል። ቀሪው 33,600 ነው። እትዬ «ትንሿ» የሚሏት ይህችን ነው።

ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው 18 ከ12 ይበልጣልና የባንኩን ክፈሉ ይላል። መልሱ እንዳጋጣሚ ልክ ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱ ግን ስህተት ነው። 12 በመቶው በእርግጥ 12 አይደለምና።

የባንኩ ወለድ የሚታሰበው በየወሩ በቀረው ዕዳ ላይ ነው። ዕዳው ሲቀንስ ወለዱም አብሮ ይቀንሳል። የትንሿ ብድር ግን ፍላት የሚሉት ዓይነት ነው፦ ገና ከመጀመሪያው 60,000 በ12 በመቶ ተባዝቶ 7,200 ወለድ ተደምሮበታል፤ 67,200 ለአሥራ ሁለት ተካፍሎ 5,600 መጣ። እትዬ ስድስት ወር ከፍለው ግማሹን ከመለሱ በኋላም ወለድ የሚከፍሉት 60,000ው ሙሉ ለሙሉ እጃቸው ላይ እንዳለ ተቆጥሮ ነው። ይህ ብድር በቀሪ ዕዳ አቆጣጠር ቢተመን 21.5 በመቶ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ፍላት የሆነን ቁጥር ስታዩ በጭንቅላታችሁ በሁለት ብታባዙት ትንሽ ይበዛል እንጂ ብዙም አትሳሳቱም። ስልካችሁ ላይ ኤክሴል ካለ በትክክል ያወጣላችኋል፦

```
=RATE(12,-5600,60000)*12
```

ውላችሁ ፍላት መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? የክፍያ ሰሌዳውን ዘርጉና የወለዱን ዓምድ ከላይ ወደ ታች አንብቡ። ወለዱ በየወሩ አንድ ዓይነት ከሆነ ፍላት ነው። በየወሩ እያነሰ ከወረደ በቀሪ ዕዳ ላይ የሚታሰብ ነው። የትንሿ ሰሌዳ 600፣ 600፣ 600 እያለ ይወርዳል። የባንኩ ደግሞ በ4,500 ጀምሮ አሁን 3,259 ላይ ደርሷል። የወለድ ዓምድ የሌለው ሰሌዳ ከሰጧችሁ ዓምድ ያለው ስጡኝ በሉ፤ መብታችሁ ነው።

4. «ቀድሜ ብከፍል ስንት ይቀነስልኛል?» ብላችሁ ጠይቁ

«እንግዲያ 21.5 ከ18 ይበልጣል፤ ትንሿን ልዝጋ ያልኩት ልክ ነበር» አሉ እትዬ፣ ደስ ብሏቸው። ገና ነው። ወለዱ ውድ መሆኑና ቀድሞ መክፈል የሚያተርፍ መሆኑ ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

አብረን ወደ ተቋሙ ሄድን። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ «ዛሬ ልዝጋው ብል ስንት ነው የምከፍለው?» የብድር ባለሙያዋ ኮምፒውተሩን አየችና «33,600» አለች። የስድስት ወር ክፍያ ሳይነካ፣ አንዲት ብር ሳትጎድል። ከዚህ ውስጥ 30,000 ዋናው ነው፣ 3,600 ገና ያልተኖረበት የስድስት ወር ወለድ ነው። እትዬ ዛሬ ቢከፍሉም በየወሩ ቢከፍሉም የሚወጣው ያው ነው። እንዲያውም ብሩን ደብተር ላይ አስቀምጠው በየወሩ 5,600 እያወጡ ቢከፍሉ በስድስቱ ወር ውስጥ 650 ብር ገደማ ወለድ ያገኛሉ። ማለትም ያንን ዕዳ «ከጀርባ ለማውረድ» 650 ብር ሊከፍሉ ነበር።

ባለሙያዋ «ያልደረሰው ወለድ ይነሣልዎታል፤ 30,000 ይክፈሉ» ብትል ኖሮ ደግሞ ነገሩ በአንድ ጊዜ ይገለበጥ ነበር። በስድስት ወር ውስጥ 3,600 ብር የሚያድን 30,000 ብር ከየትኛውም ደብተር አይገኝም፤ ከባንኩም ብድር በፊት የሚከፈለው እሱ ይሆን ነበር። ተቋማቱ አይመሳሰሉም፤ አንዳንዱ ያነሣል፣ አንዳንዱ ግማሹን ያነሣል፣ አንዳንዱ ውሉን ያሳያችኋል። ከወለድ ነፃ በሚባለው አገልግሎት በትርፍ የተሸጠላችሁ ዕቃ ካለም ጥያቄው ይኸው ነው፤ ትርፉ ከመጀመሪያው ስለተደመረ ቀድሞ መክፈል የሚጠቅመው ባንኩ ከትርፉ ላይ ከቀነሰ ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ ባንኩ ሄድን። እዚያም ጥያቄው ያው ነው፣ አንድ ተጨማሪ ብቻ አለው፦ «ያለጊዜው ለሚከፈል ክፍያ ቅጣት ወይም የአገልግሎት ክፍያ አለ?» በእትዬ ውል የለም። ቢኖርስ? 3 በመቶ ነው እንበል። በ80,000 ላይ 2,400 ብር ይሆናል፤ ሁለት ዓመት በቀረው ብድር ላይ የሚያስጨንቅ አይደለም። ብድሩ ሊያልቅ አራት ወር ብቻ ሲቀረው ግን የሚድነው ወለድ 1,580 ብር ገደማ ነው፣ ቅጣቱ 1,254። በዚያ ጊዜ ብሩ ደብተር ላይ ቢቀመጥ ይሻላል።

5. አሁን አስተያዩ

ትንሿ ከጨዋታ ወጣች። የቀረው የባንኩ 18 በመቶና የደብተሩ 6.65 በመቶ ነው። እትዬ በመቶኛ ሲነገራቸው ዓይናቸው ወደ ሐይቁ ይሄዳል። ስለዚህ በቀን አሰብኩላቸው።

«እትዬ፣ ይህ 80,000 ብር ዕዳ ሆኖ ሲውል በየቀኑ 39 ብር ያስከፍልዎታል። ደብተር ላይ ሲውል 15 ብር ያመጣልዎታል። ሁለቱንም ይዘው ሲያድሩ 24 ብር ከኪስዎ ይወጣል።»

«በቀን?»

«በቀን። እሑድም ጭምር።»

ወደ ረጅሙ ስሌት ስንሄድ፣ እትዬ ምንም ቀድመው ሳይከፍሉ ቢቀጥሉ በቀሩት 24 ወራት 43,053 ብር ወለድ ይከፍላሉ። 80,000ውን ዛሬ ከፍለው የወር ክፍያውን እንዳለ 10,846 ላይ ቢተዉት ዕዳው 137,244 ይሆንና በ14 ወር ከምናምን ያልቃል፤ አሥራ አምስተኛው ክፍያ 1,500 ብር ብቻ ነው። የሚከፈለው ወለድ ወደ 16,100 ይወርዳል። የዳነው 26,950 ብር ገደማ ነው። ያው 80,000 ለሁለት ዓመት ደብተር ላይ ቢቀመጥ ከግብር በኋላ የሚያስገኘው 11,350 ብር አካባቢ ነው። የወሩን ቁጥር በስልክ ለማውጣት፦

```
=NPER(18%/12,-10846,217244-80000)
```

ጠለቅ ብሎ ለሚያስብ ሰው፦ ልዩነቱ በእርግጥ ከዚህም ይሰፋል። ብድሩ ካለቀ በኋላ በሚቀሩት ዘጠኝና አሥር ወራት 10,846ን እየቆጠቡ ቢያስቀምጡ በሁለት ዓመቱ መጨረሻ ደብተራቸው ላይ 109,600 ገደማ ይኖራል፤ 80,000ውን ከመጀመሪያው ደብተር ላይ አስቀምጠው ቢሆን ግን 91,350 ብቻ። ከ18,000 ብር በላይ ብልጫ አለው። ይህ የሚሆነው ግን ነፃ የወጣው ክፍያ ወደ ደብተር ከገባ ነው። ወደ ሠርግና ወደ ተዝካር ከሄደ የወለዱ ስሌት አያገኘውም።

እዚህ ላይ እትዬ ብዙ ሰው የሚያነሣውን አነሡ። «ብር እኮ በየቀኑ እየረከሰ ነው። ዕዳው በረከሰ ብር ቢከፈል አይሻልም?»

መርከሱ እውነት ነው፤ ግን ደብተር ላይ ያለውም ብር እኩል ይረክሳል። የኑሮ ውድነቱ ሁለቱንም በአንድ ሚዛን ስለሚቀንሳቸው 18ና 6.65ን ስታስተያዩ ከሁለቱም ወገን ይሰረዛል። ዋጋ ንረቱ ለተበዳሪ የሚጠቅመው ብሩን በደብተር ፋንታ ወደ ዕቃ ለለወጠ ሰው ነው፤ ያ ደግሞ ቁጠባ መሆኑ ቀርቶ ንግድ ነው፤ ዕቃው ይሸጣል ወይ፣ ይበላሻል ወይ የሚል የራሱ ጥያቄ አለው። ዓሣ ለሚሸጥ ሰው «ይበላሻል ወይ» የሚለውን ማስረዳት አላስፈለገኝም።

በተቃራኒው ብሩን ማስቀመጥ የሚያዋጣበት ጊዜም አለ። ባንክ የሚሠራ የእህቴ ልጅ በሠራተኛ ወለድ 7 በመቶ የቤት ብድር አለበት። እሱ ገንዘብ ሲያገኝ ባንኩን ተደራድሮ በጊዜ ገደብ ተቀማጭ ያስቀምጣል፤ ከግብር በኋላ 9 ወይም 10 በመቶ ካገኘ ለምን ብሎ ነው የ7 በመቶውን ዕዳ የሚጣደፍበት? አንድ ነገር ብቻ ውሉ ላይ ይፈትሽ፦ የሠራተኛ ብድር ብዙ ጊዜ ሥራ ሲለቁ ወደ መደበኛው ወለድ ይመለሳል። በዚያ ቀን ስሌቱ እንደ አዲስ ይሠራል።

6. ስትከፍሉ ዋናው ዕዳ ላይ መግባቱን ጠብቁ

ይህን የጻፍኩት በራሴ ስለደረሰ ነው። ከዓመታት በፊት 40,000 ብር ይዤ ብድሬ ያለበት ቦታ ሄድኩ፣ ለገንዘብ ተቀባዩ «ለብድሬ» ብዬ ሰጠሁ፣ ደረሰኝ ያዝኩ፣ ረክቼ ወጣሁ። ብሩ የገባው ከብድሩ ጋር በተያያዘው የቁጠባ ሒሳብ ነበር። ሲስተሙ በየወሩ የተለመደውን ክፍያ ብቻ እየቆነጠረ ወሰደ፣ ወለዱም እንደ ድሮው ቀጠለ። ያወቅኩት ከአምስት ወር በኋላ ነው። ብድር የምሠራ ሰው ሆኜ!

ስለዚህ በመስኮት አትክፈሉ፣ በማመልከቻ ክፈሉ። እትዬ ያስገቡት ደብዳቤ ሦስት ነገር ይላል፦ 80,000 ብሩ ከዋናው ቀሪ ዕዳ ላይ ይቀነስልኝ፤ የወር ክፍያው ሳይቀየር የብድሩ ዘመን ይጠርልኝ፤ አዲስ የክፍያ ሰሌዳ ይሰጠኝ። ቅጂው ላይ «ደረሰ» የሚል ማኅተም አስመቱበት።

ሁለተኛውን ነጥብ በዝምታ አትለፉት። ካልተናገራችሁ ብዙ ቦታ የሚደረገው ዘመኑን እንዳለ ትቶ የወር ክፍያውን ማሳነስ ነው። እንዲያ ቢሆን የእትዬ ክፍያ ከ10,846 ወደ 6,852 ይወርድ ነበር፣ የሚድነው ወለድ ግን 15,850 ብር ገደማ ብቻ ይሆናል፤ ዘመኑን ከማሳጠር በ11,100 ብር ያነሰ። በሌላ በኩል ገቢው ለሚዋዥቅ ሰው ያነሰ ክፍያ ትንፋሽ ይሰጣል። እትዬን ጠየቅኳቸው። «45,000 ለክፉ ቀን አስቀምጠን የለም እንዴ? ቶሎ ይለቀኝ» አሉ። መጠባበቂያ የሌለው ሰው ይህን መልስ መመለስ ባልቻለ ነበር።

ጊዜን በተመለከተ፣ ሲቆርጡ ወዲያው ነው። «የወር ክፍያዬ ቀን ሲደርስ አብሬ» እያሉ ሦስት ሳምንት ማቆየት በቀን 24 ብር ስታባዙት 500 ብር ነው።

የመጨረሻው ፍተሻ ካልኩሌተር ብቻ ይፈልጋል። ቀሪ ዕዳችሁን በዓመቱ ወለድ አባዙና ለ12 አካፍሉ። የሚቀጥለው ወር የወለድ መስመር ከዚያ ጋር መግጠም አለበት። ከመክፈላቸው በፊት የእትዬ 3,259 ነበር። 137,244 በ18 በመቶ ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል 2,059 ይመጣል። የከፈላችሁት በወሩ መካከል ከሆነ የመጀመሪያው ወር በሁለቱ መካከል ያለ ቁጥር ያሳያል፤ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ግን በዚያን ጊዜ ካለው ቀሪ ዕዳ ጋር ይገጥማል። ወለዱ ከድሮው ሰሌዳ ፈቀቅ ካላለ ብሩ ሌላ ሒሳብ ላይ ተቀምጧልና በዚያው ቀን ማኅተም ያለበትን ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ።

እትዬ በሚቀጥለው ወር ስቴትመንታቸውን የዘይት አሻራ ያለበት ማስታወሻ ውስጥ አጣጥፈው አመጡልኝ። መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳረፉ። «2,059» አሉና ወረቀቱን መልሰው አጠፉት።